በስልክ የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ፦ የቃለ ጉባኤው አያያዝና በሙሉ ኮሚቴ ማጽደቅ

ነሐሴ ላይ ጎጃም ውስጥ ሰባት የኮሚቴ አባላትን በአንድ ምሽት አንድ ክፍል ማስቀመጥ ከባድ ነው። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወንዙ ይሞላል፣ ፍልሰታ ስለሆነም ከአባላቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ሱባኤ ገብተው ስልካቸውን ዘግተዋል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ግን ማዳበሪያ የሚይዘው በዚሁ ሰሞን ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ድንገት ሲበላሽ ሥራ አመራር ኮሚቴው በስልክ ተነጋግሮ መወሰኑ አይቀርም። መወሰኑ ራሱ ብዙ ጊዜ ጣጣ አያመጣም። ጣጣው የሚመጣው ከወራት በኋላ ኦዲተሩ መዝገቡን ገልጦ “ሰባታችሁም ማታ 1 ሰዓት ቢሮ ነበራችሁ?” ሲል ነው። ጸሐፊው የስልኩን ስብሰባ አዳራሽ እንደተደረገ አድርጎ ጽፎት ከሆነ፣ ትክክለኛ የነበረው ወጪ ሳይቀር ይጠረጠራል።

ይህ ጽሑፍ መዝገቡን ለሚይዘው ጸሐፊ ነው። ጉዳዩን በምሳሌ ብናየው ይቀላል። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ባለ ቀበሌ ያለ አንድ ማኅበር እናስብ። ኮሚቴው ሰባት አባላት አሉት፤ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ምልአተ ጉባኤ የሚሞላው በአራት ሰው ሲሆን፣ ውሳኔ የሚያልፈው ከተገኙት ከግማሽ በላይ ሲደግፉ ነው። ሊቀ መንበሩ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ ማውጣት የሚችለው እስከ 5,000 ብር ነው። ሰኞ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ማታ ዐውሎ ነፋስ ከመጋዘኑ ጣሪያ ላይ ስድስት ቆርቆሮ ነቀለ። ከሥር 240 ከረጢት ዩሪያ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ 50 ኪሎ ነው። ዩሪያ ውሃ ካገኘው ይሟሟል፣ እርጥበት ብቻ ካገኘው ደግሞ እንደ ድንጋይ ይጋገራል። ሰማዩ ሌላ ዝናብ አርግዟል። የሚያስፈልገው ሸራ መግዛት፣ ጫኝ መቅጠርና ከረጢቱን ወደ ሌላ መጋዘን ማዛወር ነው፤ ግምቱም ከሊቀ መንበሩ ሥልጣን በላይ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ጉዳዩ እስከ መደበኛው ስብሰባ ቢቆይ ምን ይጠፋል የሚለው ነው። እዚህ የሚጠፋው ነገር ግልጽ ነው። ጠዋት ድረስ ቢቆይ ምንም የማይሆን ጉዳይ፣ ሠራተኛ መቅጠርና ማሰናበት፣ ንብረት መሸጥ፣ የብር ፈራሚ መቀየር በስልክ አይወሰንም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚመሩት በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ቢሆንም፣ የኮሚቴው ስብሰባ ዝርዝር የሚገኘው በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ነው። ደንቡ ስለ ስልክ ስብሰባ የሚናገረው ካለ እሱን መከተል ነው። ዝም ካለ ደግሞ የስልኩ ውሳኔ ሙሉ ኮሚቴው እስኪያጸድቀው የሚጠብቅ ጊዜያዊ ውሳኔ ነው ብሎ መያዝ ከሁሉ ይሻላል፤ ይህንንም በራሱ በቃለ ጉባኤው ላይ መጻፍ ነው። ለጠቅላላ ጉባኤው ብቻ የተተወ ሥልጣን ከሆነ ግን ኮሚቴው በስልክም ሆነ በአካል ቢሰበሰብ ሊወስነው አይችልም፤ በኋላ ማጽደቁም አያድነውም።

አሁን ወደ ስልኩ እንሂድ። የኢንተርኔት መስመር እንደማይታመን ቆጥሮ በተራ ጥሪ መሥራት ነው። ሊቀ መንበሩ ለአንዱ ይደውላል፣ ያንን አቆይቶ ሁለተኛውን ይጠራል፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ Merge የሚለውን ሲጫን ሁለቱም አንድ መስመር ላይ ይገባሉ፤ ሌሎቹንም በዚሁ መንገድ ይጨምራል። በተራው የሞባይል ጥሪ አንድ ደዋይ የሚያገናኘው እስከ አምስት ሰው ነው፤ አንዳንድ ቀፎ ከዚያም ያነሰ ነው የሚወስደው። ሰባት አባላት ላሉት ኮሚቴ ይህ ማለት ደዋዩን ጨምሮ ስድስት ሰው ነው፤ ሰባተኛው ስልኩ ቢከፈት እንኳ ቦታ የለውም። የሁሉም ጥሪ ሂሳብ የሚቆረጠው ከደዋዩ ስለሆነ ካርዱ መሞላት አለበት። የደዋዩ መስመር ከተቋረጠ ስብሰባው በሙሉ ይበተናል፤ ስለዚህ የሚደውለው ኔትወርክ የሚይዝለትና ባትሪ ያለው ሰው ይሁን። ጸሐፊው ደዋይ ባይሆን ጥሩ ነው፤ አንድ እጁ መስመር እያገናኘ በሌላው መጻፍ አይሆንለትም።

በየተራ ደውሎ “ምን ትላለህ?” ማለት ሌላ ነገር ነው፤ ስብሰባ ብሎ መጻፍም ስሕተት ነው። በየተራ ሲጠየቅ መጀመሪያ የተደወለለት ሰው የመጨረሻው ሰው ያነሣውን ተቃውሞ አልሰማም፤ ቢሰማው ኖሮ ሐሳቡን ይቀይር ነበር ይሆናል። ኔትወርኩ እምቢ ብሎ ከየተራ ጥሪ ሌላ አማራጭ ከጠፋ ማድረግ ይቻላል፤ ቃለ ጉባኤው ግን “አባላቱ ተወያይተው ወሰኑ” አይልም። “ሊቀ መንበሩ በየተራ ደውሎ የእያንዳንዱን አባል ሐሳብ ጠየቀ” ብሎ ከእነ ሰዓቱ ይመዘግባል፤ ማጽደቂያው ስብሰባ ደግሞ ቶሎ ይጠራል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቢያንስ ተቃውሞ ከተነሣ መልሶ ለመጀመሪያዎቹ ደውሎ ተቃውሞውን ማሰማት ይገባል።

መስመሩ ከተገናኘ በኋላ ጸሐፊው ስም ይጠራል። ድምፁን አውቀዋለሁ ብሎ ማለፍ አያዋጣም። “አያ፣ ስምዎንና ያሉበትን ቦታ ይንገሩን፤ አጠገብዎ የሚሰማ ሰው አለ?” ይበል። ድምፁ ከፍ ተደርጎ ቤተሰብ ወይም ጎረቤት የሚሰማ ከሆነ ይጻፋል፤ ስለ ዋጋና ስለ ኪራይ እየተነጋገራችሁ የመጋዘኑ ባለቤት ከጎን ቢሰማ ነገሩ ይበላሻል። “አባቴ ተስማምቻለሁ በላቸው ብሏል” የሚል ልጅ ድምፅ ሰጪ አይደለም። ያልተገኘው ሰውም ይመዘገባል፦ በስንት ሰዓት እንደተደወለለት፣ ስልኩ ዝግ መሆኑን ወይም እየጠራ አለመነሣቱን። በምሳሌያችን ሰባተኛው አባል ሱባኤ ላይ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ቢደወልለትም ስልኩ ዝግ ነው።

የሰዓቱ ጉዳይ ትንሽ ይመስላል እንጂ ኦዲተር መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው። ቃለ ጉባኤው ከምሽቱ 1:20 ይላል፤ የሊቀ መንበሩ ስልክ 7:20 PM ያሳያል፤ ቀኑም ነሐሴ 12 ሳይሆን 18/8/2025 ነው። ልዩነቱን የማያስተውል ሰው ሁለት የተለያየ ስብሰባ ያስመስለዋል። ስለዚህ ቃለ ጉባኤው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ፣ ከሥሩ “በደዋዩ ስልክ የጥሪ መዝገብ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር 18/8/2025፣ 7:20 PM” የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ክርክሩ ያበቃል። ጥሪው ከእኩለ ሌሊት ካለፈ ደግሞ የባሰ ነው፤ ስልኩ ቀኑን ይለውጣል፣ ሰው ግን ገና ነሐሴ 12 ነው ይላል። እንዲህ ሲሆን “ነሐሴ 12 ለ13 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7:00” ብሎ መጻፍ ሁሉንም ያስማማል።

ውይይቱ አጭር ይሁን እንጂ ሦስት ነገር ሳይነገር አይታለፍ፦ ምን እንደተበላሸ በዚያ ሰዓት የሚታወቀው፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስፈልግና ከየት እንደሚወጣ፣ ሌላ አማራጭ ነበር ወይ የሚለው። በምሳሌያችን ግምቱ ሸራ 16,000፣ ጫኝ 6,000፣ ለ15 ቀን የመጋዘን ኪራይ 6,000፣ በድምሩ 28,000 ብር ነው። አንድ አባል ከግለሰብ ከመከራየት የቀበሌውን አዳራሽ እንጠይቅ አለ። ሊቀ መንበሩ የአዳራሹ ወለል አፈር ነው፣ እርጥበት ይስባል አለው። ሌላው አባል ደግሞ ሊከራይ የታሰበው መጋዘን የወንድሙ መሆኑን ተናገረ። ይህ ሰው መናገሩ ይመሰገናል፣ ግን ድምፅ አይሰጥም። ሌሎቹ ስለ ዋጋው ሲነጋገሩም እሱ ከመናገር መቆጠብ አለበት፤ ቃለ ጉባኤውም የተናገረበትን ቦታ ይይዛል።

ድምፁ ሲሰበሰብ ከወጣቱ ይጀመር። እኛ ሀገር ታላቅ ሰው “ደግ ነው” ካለ ታናሹ “አይሆንም” ለማለት ይከብደዋል፤ በስልክ ደግሞ ዐይን ለዐይን ስለማይተያዩ ዝምታውን ማንም አያነበውም። ከዚያ በፊት ጸሐፊው ውሳኔውን ቃል በቃል ያነባል፦ “እስከ 28,000 ብር ወጥቶ ሸራ እንዲገዛ፣ ጫኝ እንዲቀጠርና ዩሪያው ወደተከራየ መጋዘን እንዲዛወር፣ ውሳኔው ለሙሉ ኮሚቴው ቀርቦ እንዲጸድቅ።” ከዚያ እያንዳንዱ ስሙን ጠርቶ እስማማለሁ፣ አልስማማም ወይም ድምፅ አልሰጥም ይላል። ዝምታ ስምምነት ተብሎ አይቆጠርም፤ በስልክ ዝም ያለ ሰው መስመሩ ተቋርጦበት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጸሐፊ የሚሳሳተው። በምሳሌያችን ገንዘብ ያዡ ውይይቱ መሐል “ጥሩ ነው፣ ቶሎ ይደረግ” ካለ በኋላ ከድምፅ መስጫው በፊት መስመሩ ተቋረጠ፤ ተመልሶም አልገባም። ሐሳቡ ስለታወቀ ደግፏል ብሎ መቁጠር ይፈትናል። አይቆጠርም። ውሳኔው ሲነበብ አልነበረም፣ የወንድምየውን መጋዘን ጉዳይም ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ ስሌቱ እንዲህ ይሆናል፦ መስመሩ ላይ የቀሩት አምስት ናቸው፣ ምልአተ ጉባኤ አልጎደለም። አንዱ ባለጉዳይ ስለሆነ ድምፅ አልሰጠም። ሦስት ደገፉ፣ አዳራሹን ያነሣው አንድ አባል ተቃወመ። ከአምስት ሦስት ከግማሽ በላይ ስለሆነ አለፈ። በአንድ ድምፅ ብቻ ያለፈ ውሳኔ ነው፤ ጠባብነቱ እንዲታይ ይጻፍ እንጂ በገንዘብ ያዡ ስም አይወፍር።

በመዝገቡ ላይ ይህን ያህል ቢጻፍ ይበቃል፦

> ቃለ ጉባኤ ቁጥር 14/2017
> የሥራ አመራር ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ፤ ሁሉም በአንድ የስልክ መስመር የተገናኙበት።
> ሰኞ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 1:20 ተጀምሮ 1:48 አበቃ። ደዋይ ሊቀ መንበሩ። በደዋዩ ስልክ በፈረንጅ አቆጣጠር 18/8/2025፣ 7:20 PM።
> በመስመሩ ላይ የተገኙ፦ ስድስት አባላት (ስምና ኃላፊነት)። ያልተገኘ፦ አንድ አባል፤ በ1:05 እና በ1:15 ተደውሎለት ስልኩ ዝግ ነበር።
> ገንዘብ ያዡ በ1:37 መስመራቸው ተቋርጦ አልተመለሱም፤ ድምፅ አልሰጡም።
> አጀንዳ፦ ጣሪያው በንፋስ በተነቀለ መጋዘን ያለ 240 ከረጢት ዩሪያን ከዝናብ ስለማዳን።
> አንድ አባል ሊከራይ የታሰበው መጋዘን የወንድማቸው መሆኑን አሳውቀው ድምፅ አልሰጡም። አንድ አባል የቀበሌ አዳራሽ ይጠየቅ ብለው ተቃውመዋል።
> ውሳኔ፦ እስከ 28,000 ብር ወጥቶ ሸራ እንዲገዛ፣ ጫኝ እንዲቀጠር፣ ዩሪያው ወደተከራየ መጋዘን እንዲዛወር በ3 ድጋፍና በ1 ተቃውሞ ተወሰነ። ውሳኔው ጊዜያዊ ሆኖ ለሙሉ ኮሚቴው ይቀርባል።
> ውሳኔው ከድምፅ በፊት በመስመሩ ላይ ተነቧል።

ይህ በዚያው ሌሊት ወይም በማግስቱ ጠዋት ገጹ በተቆጠረ መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ባዶ ገጽ ተዝሎ አይቆይለትም። በማግስቱ ከረጢቱ ሲቆጠር 11 ረጥቶ ቢገኝ፣ ይህ በቁጥር 14 ውስጥ አይጨመርም። ማታ 1:48 ላይ ማንም አላወቀውም ነበር፤ ስለዚህ የሚገባው የንብረት ጉዳት መዝገብና የማጽደቂያው ቃለ ጉባኤ ላይ ነው። በኋላ የታወቀ ነገር ውስጡ ያለበት ቃለ ጉባኤ በኋላ የተጻፈ መሆኑን ራሱ ይመሰክራል፤ ይህን ለማየት ኦዲተር መሆን አያስፈልግም።

ፊርማው ሌላ ወጥመድ ነው። ማታ ማንም አልፈረመም፤ አባላቱ የሚፈርሙት ወደ ቢሮ ሲመጡ ነው፣ አንዱ ረቡዕ፣ ሌላው ዓርብ። ከስማቸው አጠገብ የፈረሙበት ቀን ይጻፍ፣ የስብሰባው ቀን አይደለም። ሁሉም ፊርማ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ ቀን ነሐሴ 12 ከሆነ ጥያቄ ይወልዳል። ገንዘብ ያዡም ይፈርማሉ፤ ግን “እስከ 1:37 በመስመሩ ላይ ነበርኩ” በሚለው ሥር። ያልተገኘው ሱባኤኛ አባል በቁጥር 14 ላይ አይፈርምም፤ የእሱ ቦታ ማጽደቂያው ነው። ጥሪው በስልክ ተቀድቶ ከሆነ ሁሉም እንደሚቀዳ አስቀድሞ ተነግሯቸው ተስማምተው ይሁን፤ ቅጂው መጠባበቂያ እንጂ ቃለ ጉባኤ አይደለም።

ገንዘቡ ሲወጣ እያንዳንዱ የወጪ ማዘዣ የቃለ ጉባኤውን ቁጥር ይጠቅሳል። ሸራው ማታ የተገዛው ሱቁን በግድ ካስከፈቱት ነጋዴ ከሆነ ደረሰኙ በማግስቱ ሊሰጥ ይችላል፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ቀን የተቆረጠበት እንጂ የተገዛበት ስላልሆነ፣ ማዘዣው ጀርባ “ዕቃው ነሐሴ 12 ማታ ተረከብን፣ ደረሰኙ ነሐሴ 13 ተቆረጠ” የሚል ማስታወሻ በተረካቢው ፊርማ ይቀመጥ። ጫኞቹ ደረሰኝ የላቸውም፤ ስማቸው፣ የሠሩት ሥራ፣ የተቀበሉት ብርና ፊርማቸው ወይም የጣት አሻራቸው ያለበት የክፍያ ዝርዝር ይሠራል። ዝርዝሩ እዚያው ሲከፈል ካልተሞላ በኋላ አይገኝም፤ ጫኙ ወደ ሌላ ወረዳ ለሥራ ሄዷል።

በምሳሌያችን ወጪው ከታሰበው አለፈ። በማግስቱ ቡሄ ነው፤ በዋዜማው ማታ፣ በዝናብ ውስጥ ጫኝ የሚገኘው በተለመደው ዋጋ አይደለም። ጫኙ 9,400 ብር ወሰደ፣ ጠቅላላው 31,400 ሆነ። ከተፈቀደው በ3,400 ይበልጣል። እዚህ ላይ አንድ ሰው “3,400 ብር በሊቀ መንበሩ የ5,000 ብር ሥልጣን ውስጥ ነው፣ ለምን እናስቸግራለን?” ማለቱ አይቀርም። ይህ መንገድ አይሻልም። ኮሚቴው ለአንድ ሥራ ጣሪያ ካስቀመጠ በኋላ በሊቀ መንበሩ ሥልጣን እየቀጠሉ ጣሪያውን ማለፍ ጣሪያ አለማስቀመጥ ነው፤ ነገ በ4,900 ብር የሚቀጠል ሌላ ወጪ ይመጣል። ትርፉ ለብቻው ቀርቦ ምክንያቱ ተነግሮ ይታይ።

ማጽደቂያው ስብሰባ ፍልሰታ እንደተፈታ ቅዳሜ ነሐሴ 17 ተጠራ እንበል። ደንቡ ቀን ካልቆረጠ በስተቀር ለማዘግየት ምክንያት የለም፤ ሰው የሰማውን ይረሳል፣ የቀረው አባልም ነገሩን ከጠጅ ቤት ይሰማዋል። ጥሪው ላይ አጀንዳው “ልዩ ልዩ” ተብሎ አይደበቅ፤ “በቁጥር 14/2017 በስልክ የተወሰነውን ስለማጽደቅ” ይባል። ከቁጥጥር ኮሚቴው አንድ ሰው ቢገኝ ወይም ግልባጩ ቀድሞ ቢደርሳቸው በኋላ የሚነሣውን ግማሹን ጥያቄ ያስቀራል።

በዚህ ስብሰባ ላይ ሁለት ነገር ተቀላቅሎ ነው የሚበላሸው። አንደኛው የቃለ ጉባኤው ትክክለኛነት ነው፤ የተባለው በትክክል ተጽፏል ወይ? ይህን መመስከር የሚችሉት መስመሩ ላይ የነበሩት ብቻ ናቸው። ሱባኤ የነበረው አባል ያልሰማውን “በትክክል ተመዝግቧል” ሊል አይችልም። ሁለተኛው ውሳኔው ራሱ ነው፤ ማኅበሩ ይህን ወጪ የራሱ አድርጎ ይቀበለዋል ወይ? በዚህ ላይ ሰባቱም ድምፅ አላቸው፣ ቀሪውም ጭምር። ስለዚህ ጸሐፊው ለየብቻ ያስጠይቅ፣ ለየብቻም ይጻፍ። ገንዘብ ያዡ ከ1:37 በኋላ ያለውን አልመሰክርም ቢሉ ልክ ናቸው፤ እንዲያው ይመዝገብላቸው። የመስመሩ ተካፋይ የሆነ ሰው “እኔ እንዲህ አላልኩም” ካለም ቁጥር 14 ላይ ሰርዝ ድልዝ አይደረግም፤ እርማቱ በቁጥር 15 ይገባል።

ውሳኔው ሲቀርብ ተቃዋሚው አዳራሹን እንደገና ቢያነሣ ይደመጥ። የመጋዘኑ ባለቤት ወንድም አሁንም ድምፅ አይሰጥም፤ ኪራዩ ሲነሣ ከክፍሉ ቢወጣ የተሻለ ነው። በሰባት ሰው ስብሰባ አምስት ደግፈው አንድ ተቃውሞ አንዱ ድምፅ ባይሰጥ ውሳኔው ጸድቋል። የ3,400 ብሩ ትርፍ ግን በዚህ ድምፅ ውስጥ ተጠቅልሎ አያልፍም፤ በስልክ ያልተወሰነ ነገር አይጸድቅምና እንደ አዲስ ወጪ ይቀርባል። አንዳንዱ “የተወጣው 31,400 ብር ጸድቋል” ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይገላገለዋል። ያን ጊዜ የስልኩ ቃለ ጉባኤ 28,000፣ ማጽደቂያው 31,400 ይላል፤ በመካከል ያለው ልዩነት የማን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት የለም።

> ቃለ ጉባኤ ቁጥር 15/2017፣ ቅዳሜ ነሐሴ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፤ ሰባቱም አባላት ተገኝተዋል።
> 1. ቁጥር 14/2017 ተነቦ በመስመሩ ላይ የነበሩ አባላት በትክክል መመዝገቡን አረጋገጡ፤ ገንዘብ ያዡ ያረጋገጡት እስከ 1:37 ያለውን ነው።
> 2. በቁጥር 14/2017 እስከ 28,000 ብር እንዲወጣ የተሰጠው ጊዜያዊ ውሳኔ በ5 ድጋፍ፣ በ1 ተቃውሞ ጸደቀ። አንድ አባል በጥቅም ግጭት ምክንያት ድምፅ አልሰጡም።
> 3. በቡሄ ዋዜማ ሌሊት በጫኝ ዋጋ መናር የተጨመረ 3,400 ብር ምክንያቱና የክፍያ ዝርዝሩ ታይቶ በ6 ድጋፍ ተፈቀደ፤ አንድ አባል ድምፅ አልሰጡም።
> 4. ነሐሴ 13 በተደረገ ቆጠራ 11 ከረጢት ረጥቶ መገኘቱ ሪፖርት ቀርቧል፤ የንብረት ኮሚቴ እንዲያጣራ ተመርቷል።

ካልጸደቀስ? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውክልና በተጻፈው ክፍል፣ ተወካይ ከተሰጠው ሥልጣን አልፎ የሠራውን ወካዩ ሊያጸድቀው ወይም አልቀበልም ሊል ይችላል። ሐሳቡ ለኮሚቴም ይሠራል፤ ማጽደቅ ማለት መፈረም ግዴታ ነው ማለት አይደለም። አለመጽደቁ ግን ጊዜን ወደኋላ አይመልስም። ሸራው ተገዝቷል፣ ነጋዴው ዕቃውን ሰጥቶ ገንዘቡን ወስዷል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በማኅበሩና በወሰኑት ሰዎች መካከል ያለ ጥያቄ ነው፦ በቅን ልቦና ነው የሠሩት? የቀረውስ ኪራይ ይቋረጥ? እንዲህ ያለው ጉዳይ ከእነ ሁለቱ ቃለ ጉባኤዎች ለጠቅላላ ጉባኤው ይሄዳል፤ የወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤትም ምክር ይጠየቃል። በከፊል ማጽደቅም ይቻላል፤ ለምሳሌ ሸራውንና ጫኙን አጽድቆ ኪራዩን ከዛሬ ጀምሮ ማቆም። ያን ጊዜ ያለፉት አምስት ቀናት ኪራይ ይጸድቃል ወይስ አይጸድቅም የሚለው በግልጽ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ የመጋዘኑ ባለቤት 6,000ውን ሙሉ ይጠይቃል።

ቁጥር 15 ከተፈረመ በኋላ ጸሐፊው ወደ ቁጥር 14 ተመልሶ በኅዳጉ ላይ በሌላ ቀለም “በቁጥር 15/2017፣ ነሐሴ 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ጸድቋል” ብሎ ይጽፋል፣ ይፈርማል፤ ከዚህ ሌላ በአሮጌው ገጽ ላይ ምንም አይነካም። ግልባጭ ሲሰጥ፣ ለባንክም ይሁን ለቁጥጥር ኮሚቴ ወይም ለኦዲተር፣ ሁለቱ አብረው ማኅተም ተመትቶባቸው ይሰጡ። ቁጥር 15 ብቻውን ከወጣ ምን እንደጸደቀ አያሳይም፣ ቁጥር 14 ብቻውን ከወጣ ደግሞ አሁንም ጊዜያዊ ይመስላል። የወጪ ማዘዣዎቹ፣ የሸራው ደረሰኝ፣ የጫኞቹ ዝርዝርና የኪራይ ውሉ በአንድ ፋይል ታስረው ከላያቸው ሁለቱ ግልባጮች ይቀመጣሉ፤ የ3,400 ብሩ ማዘዣ የሚጠቅሰው ቁጥር 15ን ነው፣ ቁጥር 14ን አይደለም።